«እገኛለሁ፤ ቀኑ ግን…»፦ ቃለ መጠይቅ ያዛወረ አንድ ደብዳቤ

ሐሙስ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ቤት መጣች። ሰፈራችን አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ደስታም ጭንቀትም ፊቷ ላይ ይታያል። «ጋሼ፣ ጠሩኝ!» አለች። ቁጭ ሳትል ደግሞ «ግን ሰኞ ነው» ብላ ጨመረች።

ሰኞ ሰኔ 30 ነው። ሂሳብ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ቀን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ዓመቱ የሚዘጋበት፣ መጋዘን የሚቆጠርበት ቀን ነው። ልጅቷ ሞጆ በሚገኝ አንድ ድርጅት በመጋዘን ሂሳብ ሠራተኝነት ሁለት ዓመት ሠርታለች። ጠዋት ጠዋት በሰርቪስ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። የዘንድሮው ቆጠራ ሰኞና ማክሰኞ ነው። እሷ ደግሞ ከኮሚቴው አንዷ ናት። እቃው ሲቆጠር ቁጥሩን የእቃው ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ከቢን ካርዱ ጋር የምታስተያየው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ሥራው ይቆማል።

የጠራት ድርጅት አዳማ ውስጥ ነው። ደመወዙ ይሻላል፣ የሞጆን መንገድም ያስቀርላታል። ስለዚህ ጥሪው እንዲያመልጣት አትፈልግም። እኔ ለዓመታት በሰው ሀብት ክፍል ስለሠራሁ ነው ወደ እኔ የመጣችው። እንዲህ ያለ መልስ ሲደርስ የሚከፍተው ሰው እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ የደረሳትን ኢሜይል አብረን አነበብን። አጭር ነው። «ሰኞ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2:30 በዋናው መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ እንዲገኙ» ይላል። ዋና ዋና ማስረጃዎችን ይዘው ይምጡ የሚል አለበት። እኔን የሳበኝ ግን ከላይ ያለው የተቀባዮች መስመር ነበር። ኢሜይሉ የተላከው ለአምስት ሰው ነው፤ የአምስቱም አድራሻ ይታያል። የላከችው ባለሙያ ቸኩላ ይሆናል። ለእኛ ግን ሁለት ነገር ነገረን። አንደኛ፣ የተጠሩት አምስት ናቸው። ሁሉንም 2:30 ጠርተው በተራ ሊያስገቡ ነው፤ ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢይዙ 5:00 ላይ ይጨርሳሉ። ሁለተኛ፣ `Reply all` የሚለውን ከነካች ቀን የማዛወር ጥያቄዋን አራቱም ተወዳዳሪዎቿ ያነቡታል። «`Reply` ብቻ ነው የምትነኪው» አልኳት። እሷ ደግሞ ከመላኳ በፊት የተቀባዩን መስመር ሁለት ጊዜ አየች።

ከዚያ የጻፈችውን አሳየችኝ። ሰርቪስ ውስጥ ሆና ነው የጻፈችው፤ ገና አልላከችውም። እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለጠራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም በጣም ይቅርታ እየጠየቅኩ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሰኞ መገኘት ስለማልችል ሌላ ቀን ብታደርጉልኝ። እናንተ በተመቻችሁ ጊዜ ዝግጁ ነኝ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።»

ጨዋ ጽሑፍ ነው፤ አንድም ክፉ ቃል የለበትም። ግን እንደዚህ ያለ መልስ ሲደርሰኝ ምን አደርግ እንደነበር ልንገራችሁ። ባለሙያዋ ፊት አምስት ስም ያለበት ወረቀት አለ። መልስ በመጣ ቁጥር ከስሙ ጎን «ይገኛል» ወይም «አይገኝም» ብላ ትጽፋለች። የዚህን ጽሑፍ መልእክት በአንድ ቃል ጻፊ ብትባል «አይገኙም» ነው የምትለው። ምክንያቱም ከሙሉው ጽሑፍ ውስጥ ቁርጥ ያለው ነገር «መገኘት ስለማልችል» የሚለው ብቻ ነው። እመጣለሁ የሚል ቃል የትም የለም። ልጅቷ ልቧ ውስጥ ጥሪውን ተቀብላለች፤ ወረቀቱ ላይ ግን አልተቀበለችም።

«እናንተ በተመቻችሁ ጊዜ» የሚለውም ጣጣ አለው። ትህትና ይመስላል። ባለሙያዋ በቅንነት «እንግዲያው ማክሰኞ ጠዋት ይምጡ» ብትላትስ? ማክሰኞም ቆጠራ ላይ ናት። ያኔ ሁለተኛ ጊዜ አዛውሩልኝ ልትል ነው። አንድ ጊዜ መጠየቅ ያለ ነገር ነው። ሁለት ጊዜ የጠየቀን ሰው ግን ኮሚቴው «ይሄ ሰው ሥራውን ይፈልገዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሲባል ሰምቻለሁ።

«ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» የሚለውን ለምን እንደጻፈች ስጠይቃት ዝም አለች። ከዚያ እውነቱን ነገረችኝ። አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ «አክስቴ አርፋ ለቅሶ ላይ ነኝ በይ፤ ማንም እምቢ አይልሽም» ብላታለች። እሷ ለቅሶ ብላ መጻፍ ከበዳት። ጭልጥ ያለ ውሸትም እንዳይሆን፣ እውነቱም እንዳይታወቅ ብላ መሀል ላይ ያለ ቃል መረጠች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የለቅሶ ነገር በኛ አገር በእርግጥ ይሠራል፤ እምቢ የሚል የለም። ግን ለቃለ መጠይቁ ስትገባ ኮሚቴው መጀመሪያ የሚላት «እግዜር ያጽናሽ» ነው። ቀጥሎ «የት ተቀበሩ?» ይመጣል። አዳማ ደግሞ ትንሽ ናት፤ አንዱ እድርተኛ ይሆናል፣ አንዱ የዚያ ሰፈር ሰው ይሆናል። ገና ስለ ሥራው ሳትጠየቅ በውሸት ለቅሶ ላይ መልስ ልትሰጥ ነው። በሠራሁበት ቤት አንድ ልጅ አባቴ ሞተ ብሎ ቀን አስቀይሮ ነበር። በፈተናው አለፈ። ንብረት የሚይዝ መደብ ስለነበር ዋስ አምጣ ተባለ። ዋስ ሆነው የመጡት አባቱ ነበሩ። ያን ቀን የልጁን ፊት ያየ ሰው አይረሳውም። ሥራውንም አላገኘም።

የእሷ እውነተኛ ምክንያት ግን ምንም የሚደበቅ ነገር የለውም። የምታመለክተው ለመጋዘን ሂሳብ ነው። የሚጠይቃት የፋይናንስ ኃላፊ ራሱ ሰኔ 30 ምን እንደሆነ ያውቃል። ቆጠራ ጥላ የምትመጣ ሠራተኛ ነገ የእሱንም ቆጠራ ጥላ ልትሄድ እንደምትችል ይገባዋል። ይህን ግን ደብዳቤው ውስጥ መጻፍ የለባትም። «ኃላፊነቴን የማከብር ሰው በመሆኔ» ብላ ከጀመረች ይበላሻል። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ይበቃል፤ ቀሪውን ኃላፊው ራሱ ይሞላዋል። የምትሠራበትን ድርጅት ስምና በመጋዘኑ ያለውን እቃም መጥቀስ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው «ቆጠራ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

«ፈቃድ ብጠይቅስ?» አለችኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ቀኑን የሚወስነው ግን አሠሪው ነው፤ በቆጠራ ቀን ፈቃድ የሚሰጥ አለቃ የለም። ያን በር ዘጋነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ መቼ ትምጣ የሚለው ነው። እሷ «ሳምንት ሰኞ» አለች፤ እረፍት አግኝታ ተዘጋጅታ ለመግባት። አይሆንም አልኳት። ኮሚቴው ሦስት ሰው ከሆነ ሦስቱም ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ ይደመራል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ይፈረማል። አራቱ ሰኞ ከተፈተኑ ቃለ ጉባኤው ለእሷ ሲባል ተከፍቶ ይቆያል። ሁለት ቀን ይቆያል፤ ሳምንት ግን አይቆይም። በዚያ ላይ ሰኞ የተጠየቀው ጥያቄ ይወጣል። አራት ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ኮሚቴው ለእሷ ብቻ ሌላ ጥያቄ ማዘጋጀት አለበት። አንድ ሰው ቀን ሲያዛውር ለተቋሙ የሚፈጠረው ሥራ ይሄ ነው፤ አመልካቾች ብዙ ጊዜ አይታያቸውም። ሲታያቸው የሚጠይቁት ቀንም ቅርብ ይሆናል።

ረቡዕና ሐሙስ ላይ ተስማማን። ይህን ከመጻፏ በፊት ግን አንድ ነገር እንድታደርግ ነገርኳት። ረቡዕ ጠዋት በእጇ መሆኑን ታረጋግጥ። እዚያው ተቀምጣ ለክፍል ኃላፊዋ ደወለች። «ቆጠራው ማክሰኞ ካለቀ ረቡዕ ጠዋት ለግል ጉዳይ ግማሽ ቀን ቢፈቀድልኝ» አለች። እሱም «ቆጠራውን ጨርሺልኝ እንጂ ግማሽ ቀን ምን ችግር አለው» አላት። ሐሙስ ከሰዓትም ትርፍ ሰዓት ስለሚኖራት እንደማይከለክላት ነገራት። አሁን የምታቀርበው ቀን እውነተኛ ቀን ሆነ።

አንድ ነገር ላይ ተከራከርን። መጨረሻ ላይ «የማይቻል ከሆነ ግን በተባለው ቀን እገኛለሁ» ብላ ልትጨምር ፈለገች። ፍርሃቷ ይገባኛል፤ ድርቅ ያለች እንዳትመስል ነው። ብዙ ሰውም ይህን ይመክራል። ለአንዳንዱ ሰው ትክክል ነው፤ ቀኑ ያልተመቸው ግን ከተገደደ መምጣት የሚችል ሰው ቢጽፈው ጥሩ ነው። እሷ ግን መምጣት አትችልም። ከጻፈችው ባለሙያዋ ሥራ የሚጨምርባትን መንገድ ትታ «እንግዲያው ሰኞ ይምጡ» ማለቷ አይቀርም። ያኔ ወይ ቆጠራውን ትጥላለች ወይ ቃሏን ታጥፋለች። ስለዚህ ሌላ ቃል ፈለግን፤ ከረቡዕ በኋላ ላለው ቀን በሩን ክፍት የሚተው፣ ሰኞን ግን የማይመልስ።

ከምሽቱ 3:00 ገደማ የላከችው ይሄ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ።

ለመጋዘን ሂሳብ ሠራተኛ መደብ ሰኞ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2:30 ለቃለ መጠይቅ እንድገኝ የላካችሁልኝ ጥሪ ደርሶኛል። ጥሪውን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ቃለ መጠይቁን መውሰድ እፈልጋለሁ።

ቀኑን በተመለከተ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። አሁን በምሠራበት ድርጅት ሰኞና ማክሰኞ የዓመት መዝጊያ የንብረት ቆጠራ አለ። የቆጠራው ኮሚቴ አባል ስለሆንኩ በሁለቱ ቀናት ከሥራ መውጣት አልችልም። ስለዚህ ቢቻል ከሚከተሉት በአንዱ እንዲዛወርልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

ረቡዕ ሐምሌ 2 (ጁላይ 9)፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ቀኑ 6:30 በማንኛውም ሰዓት፤
ሐሙስ ሐምሌ 3 (ጁላይ 10)፣ ከቀኑ 8:00 በኋላ።

እነዚህ የማይመቹ ከሆነ ከረቡዕ ጀምሮ ለኮሚቴው የሚመቸውን ቀን ብታሳውቁኝ ለማመቻቸት እጥራለሁ። ለሚፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

ከታች ሙሉ ስሟና ስልኳ አለ። ርዕሱን አልነካችውም፤ `Re:` ብሎ የመጣውን እንዳለ ተወችው። ባለሙያዋ በርዕሱ ስትፈልግ ጥሪውንም መልሱንም አንድ ላይ ታገኘዋለች።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ያለውን «ተቀብያለሁ» አስተውሉት። ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት ነው የመጣው። ደብዳቤውን እስከዚያ ድረስ ብቻ ያነበበ ሰው እንኳ «ይገኛሉ» ብሎ ይጽፋል። ሌላም ነገር አለ። ባለሙያዋ ቀን የመቀየር ሥልጣን የላትም፤ ኮሚቴውን ነው የምትጠይቀው። ደብዳቤው መደቡን፣ የድሮውን ቀን፣ ምክንያቱንና አማራጩን በአንድ ቦታ ስለያዘ ምንም ሳትጨምርበት ለፋይናንስ ኃላፊው ልታስተላልፈው ትችላለች።

መላኩ ግን አልበቃንም። ሐሙስ ማታ ነው፤ እስከ ሰኞ ያለው ሙሉ የሥራ ቀን ዓርብ ብቻ ነው። ኢሜይሉ ሰኞ ጠዋት ቢከፈት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ዓርብ ከጠዋቱ 3:00 ላይ በጥሪው ግርጌ ወዳለው ቁጥር እንድትደውል ተስማማን። ሰርቪሱ ደርሶ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ከግቢው ውጭ ቆማ ደወለች። ለረጅም ንግግር አይደለም። ስሟን፣ መደቡን፣ ትናንት ማታ ኢሜይል መላኳን ተናገረች። «አይተውት ይሆን ብዬ ነው» አለች። ባለሙያዋ እዚያው ከፈተችው። «አየሁት የኔ እህት። ኮሚቴውን ልጠይቅና እመልስልሻለሁ» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ 10:00 ላይ መልሱ መጣ። «ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል። ረቡዕ ሐምሌ 2 ቀን 8:30 እንዲገኙ» ይላል።

ልጅቷ በደስታ ደወለችልኝ። «ስምንት ሰዓት ተኩል አሉኝ፤ ጠዋት ሞጆ ደርሼ መመለስ እችላለሁ» አለች። እኔ ግን ያን ቁጥር አልወደድኩትም። ኢሜይሉን ላኪልኝ አልኳት። ጠዋት ይሁን ከሰዓት አይልም፤ 8:30 ብቻ ነው። እሷ ለረቡዕ የሰጠችው ሰዓት ደግሞ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30 ነው። የተሰጣት ሰዓት እሷ ካለችው ውጭ ከሆነ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው። ጠዋት 2:30 በፈረንጅ አቆጣጠር 8:30 ነው። ባለሙያዋ ኮምፒውተሯ ላይ ካለው ካላንደር ገልብጣው ቢሆንስ? በኛ አገር ቢሮ ኢሜይሉ በአማርኛ፣ ካላንደሩ በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ስህተት የስድስት ሰዓት ስህተት ነው። ልጅቷ ከሰዓት ብትደርስ ኮሚቴው ከተበተነ ቆይቷል። በገዛ ጥያቄዋ የተዛወረላትን ቀን ቀረች ነው የሚባለው።

ወዲያው አንድ መስመር ጻፈች። «አመሰግናለሁ፤ እገኛለሁ። ሰዓቱን ለማረጋገጥ ያህል፣ ረቡዕ ሐምሌ 2 (ጁላይ 9) ከጠዋቱ 2:30 ነው ወይስ ከቀኑ 8:30?» ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መልሱ መጣ። «ከጠዋቱ 2:30 ነው፤ ይቅርታ።»

ቆጠራው ማክሰኞ አመሻሽ ላይ አለቀ። ረቡዕ ጠዋት ዝናብ ነበር። ባጃጅ ይዛ 2:10 ደረሰች፤ ማስረጃዎቿን በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ። ሦስት ሰው ተቀምጧል። የፋይናንስ ኃላፊው የመጀመሪያ ጥያቄ «ቆጠራው አለቀ?» የሚል ነበር። ቀጥሎ «ቁጥሩ ከቢን ካርዱ ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ምን ታደርጊያለሽ?» አላት። እሷም ባለፈው ቀን ያደረገችውን ነገረችው። እቃው ድጋሚ እንደሚቆጠር፣ ቀጥሎ ያልተመዘገበ የገቢ ወይም የወጪ ሰነድ እንደሚፈለግ፣ ልዩነቱ ካልተፈታ በኮሚቴው ተፈርሞ እንደሚቀርብ። የቆጠራ ወረቀቱ እጇ ላይ ያለ ያህል ነው የመለሰችው። ከቃለ መጠይቁ በኋላ በኮምፒውተር የተግባር ፈተና ነበር። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ትንሽ ተንገዳገደች፤ መጋዘን ውስጥ የምትሠራው በኤክሴል ነው።

ውጤቱ በሐምሌ መጨረሻ ወጣ። ሁለተኛ ሆና በተጠባባቂነት ተያዘች። ደውላ ስትጠይቅ የቃለ መጠይቅ ነጥቧ ከሁሉም የበለጠ እንደነበር፣ የቀነሰችው በተግባር ፈተናው እንደሆነ ነገሯት። ቀን ማዛወሯን ያነሳ አልነበረም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ፒችትሪ እየተማረች ነው።

በነሐሴ ሌላ ድርጅት ጠራት። ቀኑ ስለተመቻት ምንም የሚዛወር ነገር አልነበረም። መልሷን ከመላኳ በፊት አሳየችኝ፤ የማስተካክለው አላገኘሁም። «ጥሪው ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. (ኦገስት 12) ከጠዋቱ 3:00 እገኛለሁ» ይላል።